ለለጋሾች የተዘጋጀን ፕሬዘንቴሽን ለሠራተኞች ስብሰባ መቀየር፦ ደረጃ በደረጃ

«ለለጋሾች ያቀረብነው ፕሬዘንቴሽን አለ፤ ለሠራተኞች ስብሰባ የትኞቹን ስላይዶች ላውጣ?» ይህ ጥያቄ የሪፖርት ወቅት በመጣ ቁጥር ይደርሰኛል። በየጊዜው በቃል ከምመልስ ሙሉ አሠራሩን እዚህ አስቀምጫለሁ።

ስላይድ ማውጣት ብቻውን አይበቃም። ለጋሹ ፕሬዘንቴሽኑን የሚያየው «የሰጠሁት ገንዘብ ምን አስገኘ?» እያለ ነው። ሠራተኛው ግን «በእኔ ሥራ ላይ ምን ይቀየራል?» እያለ ያያል። ስለዚህ ዋናው ሥራ ያንኑ መረጃ ሁለተኛውን ጥያቄ እንዲመልስ አድርጎ እንደገና ማደራጀት ነው።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ለወጣቶች የሙያ ሥልጠና የሚሰጥ፣ ሦስት ማዕከላት ያሉት የ36 ወር ፕሮጀክት እንውሰድ። ፕሮጀክቱ 18ኛው ወር ላይ ሲደርስ ለለጋሹ በ20 ስላይድ የአጋማሽ ሪፖርት አቅርቧል እንበል። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የወሰድኳቸው ናቸው፤ በእነርሱ ቦታ የራስዎን ያስገቡ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለለጋሾች የቀረበው የመጨረሻው ፋይል፤ ፒዲኤፉ ሳይሆን የሚታረመው
- ቁጥሮቹ የወጡበት ሠንጠረዥ፣ በማዕከል ተከፋፍሎ
- ከለጋሹ ጋር የተፈረመው ስምምነትና የጸደቀው በጀት
- የቀሪው ጊዜ የሥራ ዕቅድ
- ለፎቶና ለታሪክ የተፈረሙ የፈቃድ ቅጾች
- ከፕሮግራም አንድ፣ ከፋይናንስ አንድ ባልደረባ፣ ለእያንዳንዳቸው ግማሽ ሰዓት

ለ20 ስላይድ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ይያዙ። በደረጃ 4 ላይ ላለው ውይይት ደግሞ ከስብሰባው በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ይተዉ።

ደረጃ 1፦ ፋይሉን ቅዱና ያጽዱ

መጀመሪያ ፋይሉን በአዲስ ስም ያስቀምጡ። በዋናው ላይ በቀጥታ ከሠሩ ለለጋሹ ምን እንደተነገረ የሚያሳየው ሰነድ ይጠፋል፤ በሚቀጥለው ሪፖርት ያስፈልግዎታል።

ቀጥሎ በስክሪን ላይ የማይታየውን ይፈልጉ። የለጋሾች ፋይል ብዙ ጊዜ ለተናጋሪው የተጻፉ ማስታወሻዎችን (ለምሳሌ «ስለ ሠራተኛ ቅነሳ ከጠየቁ ይህን በሉ»)፣ የተደበቁ ስላይዶችንና በማኔጅመንት መካከል የተጻፉ አስተያየቶችን ይዟል። ፓወርፖይንት የሚጠቀሙ ከሆነ የተደበቁትን ስላይዶች በስላይዶቹ ዝርዝር ላይ ቁጥራቸው ተሰርዞ ያገኟቸዋል፤ ማስታወሻዎቹንና አስተያየቶቹን ደግሞ በዚህ መንገድ ያገኟቸዋል፦

```
File > Info > Check for Issues > Inspect Document
```

ይህን በቅጂው ላይ ብቻ ያድርጉት፤ አንዴ የተሰረዘውን ሁሉ መመለስ ላይቻል ይችላል።

ሁለት ነገሮችን ለብቻቸው ይመልከቱ። አንደኛው ግራፍ ነው። ከኤክሴል ተቀድቶ የገባ ግራፍ ሙሉውን የኤክሴል ፋይል ይዞ ሊመጣ ይችላል። በግራፉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገው `Edit Data` ሲሉ የደመወዝ ሠንጠረዥ ያለበት ገጽ ከተከፈተ፣ ፋይሉ የደረሰው ሰው ሁሉ ያንን ማየት ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ግራፍ በምስል ይተኩት። ሁለተኛው የተከረከመ ፎቶ ነው። የተቆረጠው ክፍል ከፋይሉ ውስጥ አይጠፋም። `Compress Pictures` ውስጥ ገብተው `Delete cropped areas of pictures` የሚለውን ይምረጡ።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን ስላይድ ይመድቡ

ሁሉንም ስላይዶች በትንሹ አትመው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ ማተም ካልተቻለ `View > Slide Sorter` ይጠቀሙ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ሠራተኛ ይህን አይቶ የሚጠይቀውን ጥያቄ በአንድ መስመር ይጻፉ። ከዚያ ከአራቱ አንዱን ምልክት ይስጡት፦ ይቆይ፣ ይቀየር፣ ይውጣ፣ ከጀርባ ይቀመጥ። የመጨረሻው ጥያቄ ከተነሳ ብቻ የሚከፈት ነው።

ጥያቄውን መጻፉን አይዝለሉት። ሳይጽፉ ከመደቡ ያማሩት ስላይዶች በውበታቸው ብቻ ይቆያሉ፤ ሠራተኛውን የሚያሳስቡት ደግሞ አሳፋሪ ስለመሰሉ ይወጣሉ።

በምሳሌያችን ስለ ድርጅቱ ማንነት፣ ስለ ችግሩ ስፋትና ስለ አጋሮች የሚናገሩት አምስት ስላይዶች ይወጣሉ፤ ሠራተኛው በየቀኑ የሚኖርበት ጉዳይ ነው። የምስጋናውና ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበት ስላይድም ይወጣሉ። በተለይ የገንዘብ ጥያቄው ሳይጸድቅ ለሠራተኛ ከታየ እንደተገኘ ይቆጠራል፤ ሳይመጣ ሲቀር ጥያቄው ማኔጅመንቱ ላይ ይመለሳል። ውጤት፣ በጀት፣ ታሪክና የቀጣይ ጊዜ ዕቅድ የያዙት ይቀየራሉ። የሚከተሉት ደረጃዎች ስለ እነርሱ ናቸው።

ደረጃ 3፦ ትልቁን ቁጥር ይክፈቱት

ብዙ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያጥፉ። የለጋሾቹ የውጤት ስላይድ በትልቁ እንዲህ ይላል፦ «ከሥልጠናው በኋላ በስልክ ካገኘናቸው ተመራቂዎች 60 በመቶው ሥራ ላይ ናቸው።» ይህ እውነት ነው፤ ለለጋሹም ይበቃል። ለሠራተኛው ግን የሚይዘው እጀታ የለውም። ምዝገባ ላይ ያለው ሰው፣ አሠልጣኙና ክትትል ላይ ያለችው ባልደረባ ከዚህ ቁጥር ውስጥ የራሳቸውን ድርሻ ሊያገኙት አይችሉም።

ስለዚህ ቁጥሩ የመጣበትን መንገድ ከመጀመሪያው ያሳዩ፦

- በዕቅድ የተያዙ፦ 1,200
- የተመዘገቡ፦ 960
- ሥልጠናውን የጨረሱ፦ 720
- ከስድስት ወር በኋላ በስልክ የተገኙ፦ 600
- ሥራ ላይ ያሉ፦ 360

60 በመቶው 360ው ለ600 ተካፍሎ የተገኘ ነው። አሁን እያንዳንዱ የሥራ ክፍል የሚመለከተውን ክፍተት ያያል። ከዕቅዱ 240 ሰው አልተመዘገበም፤ ይህ የቅስቀሳና የምዝገባ ጉዳይ ነው። ከተመዘገቡት 240 አቋርጠዋል፤ ይህ የማዕከላቱ ነው። ከጨረሱት 120ው በስልክ አልተገኙም። እነዚህ ሥራ አላገኙም ማለት አይደለም፤ ሁኔታቸው የማይታወቅ ነው። ይህን ልዩነት በስላይዱ ላይ በግልጽ ይጻፉት፤ ካልጻፉት አንድ ሰው ተነስቶ 360ን ለ960 አካፍሎ «ውጤታችን 37.5 በመቶ ብቻ ነው» ይላል፤ ስብሰባውም በዚያ ክርክር ያልቃል።

ያልተገኙት 120 ሰዎች ለሠራተኛው ትልቅ ትምህርት አላቸው። ምክንያቱ ሲመረመር ብዙዎቹ ሲመዘገቡ አንድ ስልክ ቁጥር ብቻ ሰጥተው በኋላ ቁጥር ቀይረው ከሆነ፣ መፍትሔው ቅጹ ላይ የሁለተኛ ሰው ስልክ መጨመር ነው። ለለጋሹ የግርጌ ማስታወሻ የነበረው ነገር ለምዝገባ ሠራተኛው ነገ የሚጀምረው ሥራ ሆነ።

ቀጥሎ አማካዩን ይበትኑት። ከ960 ውስጥ 720 መጨረሳቸው 75 በመቶ ነው። በማዕከል ሲታይ ግን አንደኛው ከ400 ሠልጣኞች 340፣ ሁለተኛው ከ320ው 260፣ ሦስተኛው ከ240ው 120 አስጨርሰዋል። ሁለቱ ከ80 በመቶ በላይ ሲሆኑ ሦስተኛው 50 በመቶ ላይ ቆሟል። አቋረጡ ከተባሉት 240 ሠልጣኞች ግማሹ የአንድ ማዕከል ናቸው። አማካዩን ብቻ ካሳዩ ሁሉም ማዕከል ችግሩ የእርሱ እንደሆነ አስቦ ያልተበላሸውን ሊያስተካክል ይነሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በሁለቱ ፕሬዘንቴሽኖች ላይ ያሉት ቁጥሮች መጋጨት የለባቸውም። የሠራተኞቹ ይበልጥ ይዘረዘራል እንጂ ሌላ እውነት አይናገርም። ቁጥሩን ሲበትኑ ለለጋሹ የተነገረው ስህተት ሆኖ ካገኙት ሥራዎን አቁመው ለማኔጅመንት ያሳውቁ፤ መጀመሪያ የለጋሹ ሪፖርት ይታረማል።

ደረጃ 4፦ ስላይዱ የሚነካቸውን ሰዎች አስቀድመው ያነጋግሩ

የሦስተኛው ማዕከል አስተባባሪ ያንን 50 በመቶ ለመጀመሪያ ጊዜ በባልደረቦቹ ፊት ማየት የለበትም። ከስብሰባው ሁለት ቀን በፊት ስላይዱን ልከው ሦስት ነገር ይጠይቁት፦ ቁጥሩ ትክክል ነው? ምክንያቱ ምንድን ነው? ምን እንዲቀየር ትፈልጋለህ?

ይህ ከጨዋነትም በላይ የመረጃ ጥራት ጉዳይ ነው። አስተባባሪው በሪፖርቱ ውስጥ የሌለውን ያውቃል። በምሳሌያችን «ክፍል ስለጠበበን ትምህርቱን ወደ ማምሻ አዛወርን፤ ሩቅ የሚኖሩት መመለሻ ትራንስፖርት እያጡ ቀሩ» ይላል እንበል። አሁን ስላይዱ ቁጥሩን፣ ምክንያቱንና የቀረበውን መፍትሔ አንድ ላይ ይይዛል። ምክንያት የሌለው ዝቅተኛ ቁጥር በተሰብሳቢ ፊት ክስ ይሆናል፤ የተከሰሰ ሰው ደግሞ መፍትሔ ከመፈለግ ይልቅ ራሱን ይከላከላል።

የሥራ መደብ፣ የኮንትራት ማብቂያ ወይም ዝውውር የሚነካ ስላይድ ካለ ደንቡ የጠነከረ ነው፦ ሰውየው በግል ሳይነገረው በስላይድ ላይ አይወጣም። በለጋሾቹ ፋይል ውስጥ «የአስተዳደር ወጪን መቀነስ» የሚል ንጹሕ ሐረግ ከኋላው የሰው እንጀራ ሊኖርበት ስለሚችል፣ እንዲህ ያለውን መስመር ከሰው ኃይል ኃላፊው ጋር ሳያነቡ አይለፉት።

ደረጃ 5፦ የበጀቱን ስላይድ ወደ ቀሪ ወራት ይመንዝሩ

ለለጋሹ የቀረበው «ከጠቅላላው በጀት 52 በመቶ ጥቅም ላይ ውሏል» ይላል። ከ36 ወር 18ቱ ስላለፉ ጤናማ ይመስላል። ከፋይናንስ ባልደረባው ጋር በመስመር ሲያዩት ግን የሥልጠና ቁሳቁስ 90 በመቶ ወጥቷል፤ የሠልጣኞች ትራንስፖርት ደግሞ 40 በመቶ ብቻ።

ለሠራተኛው ከመቶኛ ይልቅ ጊዜ ይገባዋል። በ18 ወር 90 በመቶ ከወጣ በወር 5 በመቶ ማለት ነው። የቀረው 10 በመቶ በዚሁ አያያዝ ለሁለት ወር ብቻ ይበቃል፤ ፕሮጀክቱ ግን 18 ወር ይቀረዋል። አሠልጣኙ ይህን ሲያይ ቁሳቁስ እንዴት እንደሚይዝ ማንም ሳይነግረው ያስብበታል። በሌላ በኩል ትራንስፖርት ላይ የተረፈው ገንዘብ ሦስተኛው ማዕከል ለገጠመው ችግር ሊውል የሚችል ነው፤ ሁለቱን ስላይዶች አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጧቸው።

እዚህ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ከአንዱ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ገንዘብ ለማዛወር በስምምነቱ መሠረት የለጋሹ የጽሑፍ ፈቃድ መቼ እንደሚያስፈልግ። ሠራተኛው «ትራንስፖርት ላይ ገንዘብ ተርፎ ቁሳቁስ እንዴት እናጣለን?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ መልሱ በስምምነቱ ውስጥ ስላለ አንቀጹን አይተው በቀላል ቋንቋ ይጻፉት። የግለሰብ ደመወዝ የሚያሳዩ መስመሮችን ያውጡ።

ደረጃ 6፦ የተገባውን ቃል ወደ ሥራ ይለውጡ

«በቀጣዩ ጊዜ የተመራቂዎችን ክትትል እናጠናክራለን» የሚለው ለለጋሹ ቃል ኪዳን ነው፤ ለክትትል ክፍሉ ግን የሥራ ጫና ነው። ጫናውን አስልተው ያሳዩ። 720 ተመራቂዎች በስልክ ይጠየቃሉ፤ ያልተነሳ ስልክ መደጋገሙንና መልሱን መመዝገቡን ጨምሮ ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ እንያዝ። 7,200 ደቂቃ ወይም 120 ሰዓት ይሆናል። ሁለት ሰዎች በየቀኑ ሦስት ሦስት ሰዓት ቢሰጡት 20 የሥራ ቀን ይፈጃል።

ከዚያ በስላይዱ ላይ አራት ነገር ይጻፉ፦ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ በምን፣ እና በእነዚያ 20 ቀናት ውስጥ የትኛው ሥራ ይቆያል። አራተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። እርሱ ካልተጻፈ አዲሱ ሥራ በነበረው ላይ ይደረብና በሚቀጥለው ሪፖርት ሁለቱም ግማሽ ሆነው ይገኛሉ። የሚቆመውን ሥራ መወሰን የኃላፊው ድርሻ ነው፤ እርስዎ በግምት አይሙሉት፤ ጠይቀው ይጻፉ።

ለለጋሹ በርካታ ቃሎች ተገብተው ከሆነ ሁሉንም አይዘርዝሩ። በቀጣዮቹ ሦስት ወራት የሚጀመሩትን ብቻ ይዘው ሌላውን ከጀርባ ያስቀምጡ።

ደረጃ 7፦ ታሪኩንና ፎቶውን ይመርምሩ

የለጋሾቹ ፕሬዘንቴሽን አንዲት የተሳካላት ወጣት ታሪክ በትልቅ ፎቶ ይዟል። ሁለት ጥያቄ ይጠይቁ። መጀመሪያ የፈቃድ ቅጿ ለምን ዓይነት አጠቃቀም ነው የተፈረመው? ለለጋሽ ሪፖርት ብቻ ከሆነ እንደገና ሳይጠየቅ ለሌላ አይውልም። ሁለተኛ፣ ከታሪኩ ሠራተኛው የሚማረው ምን አለ? የውጤቱ ክፍል ብቻ ከተነገረ፣ ያሠለጠናት ሰው በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጦ የቀረውን ያውቃልና ታሪኩ ጎዶሎ ሆኖ ይሰማዋል።

ታሪኩን ማቆየት ከፈለጉ ትኩረቱን ከእርሷ ስኬት ወደተደረገው ሥራ ያዙሩ፦ በሁለተኛው ወር ልታቋርጥ ስትል ማን ደወለላት፣ ምን ተስተካከለላት፣ ያ ነገር ለሌሎችም ሊደረግ ይችላል? ስሟና መልኳ ለዚህ አያስፈልጉም።

ደረጃ 8፦ ድምፀቱን ያስተካክሉ

ይህን በመጨረሻ ያድርጉት፤ ይዘቱ ሳይቀየር ቃሉን ብቻ ማለስለስ ጊዜ ማባከን ነው። የለጋሽ ሪፖርት አማርኛ አድራጊው የማይታወቅ ግሥ ይወዳል፤ «ተስተውሏል»፣ «ተጠናክሮ ይቀጥላል»፣ «በመሠራት ላይ ይገኛል»። ሠራተኛው አድራጊው እርሱ ስለሆነ እነዚህን ሲሰማ ስለ ማን እንደሚወራ ግራ ይገባዋል። ለምሳሌ፦

በፊት፦ «በአንዳንድ ማዕከላት የሠልጣኞች ማቋረጥ የተስተዋለ ሲሆን የማስተካከያ እርምጃ በመወሰድ ላይ ይገኛል።»

በኋላ፦ «በሦስተኛው ማዕከል ከ240 ሠልጣኞች 120ው አቋርጠዋል። ዋናው ምክንያት የማምሻ ትራንስፖርት ነው። አስተባባሪውና ፋይናንስ የትራንስፖርት ክፍያውን አዘጋጅተው በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቀርባሉ።»

በሌላኛው ጫፍም አይውደቁ። «ማዕከሉ ሠልጣኞቹን መያዝ አልቻለም» ማለት ግልጽነት አይደለም፤ ፍርድ ነው። ምን ሆነ፣ ለምን፣ ማን ምን ያደርጋል ብለው ከጻፉ ፍርድ ሳያስፈልግ ሁሉም ይገባዋል። ምስጋናም እንዲሁ በዝርዝር ይሁን። «ለትጋታችሁ እናመሰግናለን» ከማለት ይልቅ አንደኛው ማዕከል 85 በመቶ እንዴት እንዳስጨረሰ ራሱ እንዲያስረዳ አምስት ደቂቃ ይስጡት።

ደረጃ 9፦ ቅደም ተከተሉን ይገልብጡና ይፈትሹ

ለለጋሹ ከዓላማ ተነስተው ወደ ውጤት ሄደዋል። ለሠራተኛው የሚቀየረውን አስቀድመው ይንገሩ፤ ምክንያቱ ይከተል። በሥራው ላይ የሚመጣውን ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው ግራፉን እያየ ሌላ ነገር ያስባል። የምሳሌያችን 20 ስላይዶች ወደ 9 ወይም 10 ይወርዳሉ፤ ከስብሰባው ጊዜ ቢያንስ ሲሶውን ለጥያቄ ይተዉ።

ከዚያ በዝግጅቱ ላይ ላልነበረ አንድ የመስክ ሠራተኛ ያሳዩና «ከዚህ በኋላ በሥራህ ላይ ምን ትቀይራለህ?» ብለው ይጠይቁት። መልስ ካጣ ስላይዶቹ ገና የለጋሹ ናቸው፤ ወደ ደረጃ 3 ይመለሱ።

የተለመዱ ስህተቶች

*አርማውንና ሽፋኑን ብቻ መቀየር።* ምልክቱ በስብሰባው ላይ ጥያቄ አለመኖሩ ነው። ጥያቄ የጠፋው ሁሉ ግልጽ ስለሆነ ሳይሆን ለእነርሱ የተነገረ ነገር ስለሌለ ሊሆን ይችላል።

*ዝርዝር መጨመር እንደ ግልጽነት መቁጠር።* ሙሉውን የውጤት መለኪያዎች ሠንጠረዥ በአንድ ስላይድ ላይ መለጠፍ የተለመደ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካላነበበው ከጀርባ ይቀመጥ፤ የሚመለከተው ክፍል በወረቀት ይሰጠው።

*ለሁሉም ክፍል አንድ ዓይነት ስላይድ።* ሾፌሩ፣ አሠልጣኙና ሒሳብ ሠራተኛው በአንድ አዳራሽ ከሆኑ የጋራውን ክፍል አጭር አድርገው የቀረውን በየክፍሉ ይወያዩበት።

*ፋይሉን ከስብሰባው በፊት መላክ።* ዝቅተኛው ቁጥር ያለ ማብራሪያ ከሰው ስልክ ወደ ሰው ስልክ ይዞራል። ከስብሰባው በኋላ በፒዲኤፍ ይላኩት። ያልተመለሱትን ጥያቄዎችና ማን እስከ መቼ እንደሚመልሳቸው በመጨረሻው ገጽ ላይ ጽፈው ይጨምሩበት።